የራውተሩ ዋና ፓስወርድ በአቅራቢው እጅ ሲሆን ምን ማድረግ ይቻላል?

ፋይበር ቤታችሁ ገብቷል፤ ራውተሩን ባለሙያ ተክሎታል፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። አንድ ቀን ግን ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከውጭ ሆናችሁ መጠቀም ትፈልጋላችሁ። ለዚያ ደግሞ ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የሚገባበትን በር፣ መክፈት ያስፈልጋል። ብሮውዘር ላይ `192.168.1.1` ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ስምና ፓስወርድ ታስገባላችሁ። ይገባል! የዋይፋይ ስም መቀየር ይቻላል። ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው መስመር የሚስተካከልበት `WAN` የሚለው ገጽ ግን ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ደግሞ ይታያል እንጂ አይነካም።

ራውተሩ አልተበላሸም። እናንተም አልተሳሳታችሁም። ዕቃው ቤታችሁ ይቀመጥ እንጂ የሚያስተዳድረው ኢንተርኔቱን የሚሸጥላችሁ ድርጅት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የሚወስደው የመጀመሪያው እርምጃ ሪሴት መጫን ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን አይፈታም፤ እንዲያውም ኢንተርኔቱን ጭምር ሊያሳጣ ይችላል። ለምን እንደሆነና በምትኩ የሚያዋጣው መንገድ የትኛው እንደሆነ እንመልከት።

ፓስወርዱ ትክክል ከሆነ ለምን ሁሉም ነገር አይከፈትልኝም?

እንዲህ ባለ ራውተር ውስጥ ቢያንስ ሁለት መግቢያዎች አሉ። አንደኛው የተጠቃሚ መግቢያ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይሄ ነው። የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ለመቀየር፣ የተገናኙ ስልኮችን ለማየት ይበቃል። ሁለተኛው የአድሚን መግቢያ ነው፤ የሚያውቀውም አቅራቢው ብቻ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን መስመር፣ የርቀት ቁጥጥሩን፣ የስልክና የቴሌቪዥን አገልግሎቱን የሚነካው በዚህኛው የሚገባ ሰው ነው።

ነገሩ ቤት ተከራይቶ እንደመኖር ነው። መኝታ ቤቱን እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ፤ የቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ግን አከራዩ ጋ ነው።

ስለዚህ ራውተሩ ሲገዛ የሚመጡትን የተለመዱ ስሞችና ፓስወርዶች መሞከር እምብዛም አይጠቅምም። ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁም ብዙዎቹ ራውተሮች መግቢያውን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይዘጉታል። ያኔ ጠብቆ በትክክለኛው የተጠቃሚ ስም መግባት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

አቅራቢው ከሩቅ ሆኖ እንዴት ያዘዋል?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ይፋ የሆነ `TR-069` የሚባል የጋራ ደንብ አለ። አቅራቢዎች በደንበኞች ቤት ያሉ ራውተሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድሩት በአብዛኛው በዚህ ነው። አሠራሩ ለመረዳት ከባድ አይደለም። ራውተሩ ውስጥ የአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር አድራሻ ተጽፎ ተቀምጧል። ራውተሩ ሲነሣና ከዚያም በኋላ በየተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በቀን አንዴ፣ ራሱ ወደዚያ ሰርቨር ይደውላል። «እኔ ይሄ ቁጥር ያለኝ ራውተር ነኝ፣ አለሁ» ይላል። ሰርቨሩም ለእሱ የተዘጋጀ ነገር ካለ ይልክለታል፦ አዲስ ሶፍትዌር፣ አዲስ ፓስወርድ፣ የተስተካከለ ቅንብር። አስቸኳይ ነገር ሲኖር ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ራውተሩን አንኳኩቶ «አሁን ደውልልኝ» ይለዋል።

አንድ ሰው በሆነ መንገድ አድሚን ሆኖ ገብቶ የቀየረው ቅንብር በማግስቱ ወደ ነበረበት ተመልሶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ማንም ቤቱ ገብቶ አልነካበትም። ራውተሩ ደውሎ የድሮውን ቅንብር ተቀብሎ ነው።

ይህን ቁጥጥር ክፋት ብቻ አድርጎ ማየትም ልክ አይደለም። አብዛኛው ሰው የራውተሩን ሶፍትዌር በራሱ አያድስም። በፈረንጆች አቆጣጠር በኅዳር 2016 ጀርመን ውስጥ 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ራውተሮች በአንድ ጥቃት ምክንያት መስመር አጥተው ነበር። ጥቃቱ የመጣው `7547` በሚባለው የርቀት አስተዳደር ፖርት በኩል ነው። ችግሩን ለማስተካከል የተላከው አዲስ ሶፍትዌርም ለደንበኞቹ የተሠራጨው ከአቅራቢው ነው። በሩ አደጋም መፍትሔም የሚገባበት ነው። እና እሱን በጉልበት ዘግታችሁ ራውተሩን መጠቀማችሁን ከቀጠላችሁ፣ ያለ ሶፍትዌር እድሳት የቀረ ዕቃ ነው በእጃችሁ የሚቀረው።

ሪሴት ባደርገውስ?

ብዙ ራውተሮች ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። በቀጭን ሽቦ 10 ሰከንድ ያህል ሲጫኗት መብራቶቹ ጠፍተው ይበራሉ፤ ራውተሩም ወደ መነሻ ቅንብሩ ይመለሳል። ችግሩ «መነሻ» የሚባለው የማን መነሻ ነው የሚለው ላይ ነው። አቅራቢዎች ለደንበኛ የሚያድሉት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ ተብሎ የተዘጋጀ ሶፍትዌር የተጫነበት ነው። ሪሴት ሲደረግ ወደዚያው ይመለሳል እንጂ ወደ ባዶ ራውተር አይለወጥም።

ከሪሴት በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል።

የመጀመሪያው፣ ራውተሩ የማዕከላዊውን ሰርቨር አድራሻ አልረሳም። ወይም ለአስተዳደር ብቻ በተለየ መስመር በኩል መልሶ ያገኘዋል። ሲነሣ ይደውላል፤ «ገና አዲስ ነኝ» ይላል፤ ሰርቨሩም ሁሉንም ቅንብር እንደገና ይጭንበታል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኢንተርኔቱ ይመለሳል። የአድሚኑ ፓስወርድም አብሮ ይመለሳል። ያተረፋችሁት ነገር የለም፤ የዋይፋይ ስማችሁን ብቻ አጣችሁ።

ሁለተኛው ይብሳል። ብዙ አቅራቢዎች ደንበኛውን የሚለዩት `PPPoE` በሚባል አሠራር ነው። ይኸውም ራውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ስምና ፓስወርድ ነው፤ ከዋይፋዩም ከአድሚኑም የተለየ፣ የመስመሩ የራሱ መግቢያ። ተካዩ ባለሙያ በእጁ ያስገባው ከሆነ በሪሴት ይጠፋል። እናንተ ጋ ቅጂ ከሌለ፣ አቅራቢው ጋ ደውሎ መጠበቅ የግድ ይሆናል።

የትኛው እንደደረሰባችሁ መብራቶቹ ይናገራሉ። ፋይበር ላይ `PON` የሚለው መብራት ሳያቋርጥ አረንጓዴ ከሆነ፣ `LOS` የሚለው ከጠፋ፣ ግን `INTERNET` የሚለው ካልበራ፣ መስመሩ ደኅና ነው፤ የጠፋው ስምና ፓስወርዱ ነው። `LOS` ቀይ ከሆነ ግን ነገሩ ከፓስወርድ ጋር አይገናኝም። ብርሃኑ ራውተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ሪሴት ለመጫን ራውተሩን ስታገላብጡ ቀጭኗ የፋይበር ገመድ ተጣጥፋ ወይም ከቦታዋ ተነቅላ እንዳይሆን እዩ። እሷ እንደ መብራት ገመድ አይደለችም፤ ጠበብ ተደርጋ መታጠፍ አትችልም።

ሪሴት ማድረጋችሁ የግድ ከሆነም፣ አስቀድማችሁ በተጠቃሚ መግቢያችሁ ግቡና የምታዩትን ገጽ ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በተለይ የመስመሩ ስም የሚታይበትን።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት «ዋና ፓስወርዶች»ስ?

ለብዙ ራውተሮች የአድሚን ፓስወርድ ነው እየተባለ የሚለጠፍ ነገር አለ። አንዳንዱ ለአንድ ሰሞን ሠርቶ ይሆናል። አቅራቢው ፓስወርዱን ከሰርቨሩ ሲቀይር ግን ለሁሉም በአንዴ ይቀየራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ዕቃው የአቅራቢው ንብረት ከሆነ ውላችሁን መጣስ ሊሆን ይችላል። አንድ የተሳሳተ ቅንብር መስመሩን ቢዘጋው ደግሞ የምትደውሉት ለዚያው ድርጅት ነው። በእኔ አስተያየት አያዋጣም። ከዚህ የተሻለ፣ ከማንም መደበቅ የማያስፈልገው መንገድ አለ።

ታዲያ አቅራቢውን ምን ብዬ ልጠይቅ?

«የአድሚን ፓስወርድ ስጡኝ» ካላችሁ መልሱ ብዙ ጊዜ «አንሰጥም» ነው፤ ንግግሩም እዚያው ያልቃል። የምትፈልጉት ፓስወርዱን አይደለም፤ ፓስወርዱ የሚከፍተውን ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለውጡት።

የምትፈልጉት አንድ ፖርት ማስከፈት ብቻ ከሆነ ያንኑ ጠይቁ። የኮምፒውተራችሁን የቤት ውስጥ አድራሻና የፖርቱን ቁጥር ስትሰጧቸው ከሩቅ ሆነው ሊያደርጉላችሁ ይችላሉ። ፍላጎታችሁ ከዚያ ከፍ ካለ ግን እንዲህ በሏቸው፦ «የራሴን ራውተር መጠቀም እፈልጋለሁ። የናንተን ራውተር ብሪጅ አድርጉልኝ፤ የመስመሬን የ`PPPoE` ስምና ፓስወርድ፣ ካለም የ`VLAN` ቁጥሩን ስጡኝ።» ብሪጅ ማለት የእነሱ ራውተር መስመሩን ብቻ አሳልፎ ሌላውን ሥራ ለእናንተ ራውተር እንዲተው ማድረግ ነው፤ `VLAN` ደግሞ አንዳንድ አቅራቢዎች የኢንተርኔቱን መስመር ከሌላው የሚለዩበት ቁጥር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር የቴክኒክ ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ስልኩን መጀመሪያ ያነሣው ሠራተኛ ካልገባው ወደ ቴክኒክ ክፍል እንዲያስተላልፋችሁ ጠይቁ፤ የጥያቄ ቁጥርም ተቀበሉ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። በዚያው ራውተር የምትጠቀሙት የቤት ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ካለ ብሪጅ ሲደረግ ይቋረጥ እንደሆነ፤ እና ብሪጅ የሚሆነው ስንተኛው የገመድ ቀዳዳ እንደሆነ። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰዓታት የሚያባክነው እሱ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የወጣው የክፍት ኢንተርኔት ደንብ ተጠቃሚው የራሱን መሣሪያ የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሌላው ዓለም ነገሩ የሚወሰነው በየአገሩ ሕግና በውሉ ነው።

ፋይበሩን ነቅሎ በቀጥታ የራስ ዕቃ ላይ መሰካትስ? እንዲያው በዘፈቀደ አይሠራም። በአቅራቢው በኩል ያለው መሣሪያ የሚቀበለው በመለያ ቁጥሩ የተመዘገበን ዕቃ ነው። ያልተመዘገበ ዕቃ ብርሃኑ ቢደርሰውም አገልግሎት አያገኝም። ለዚህ ነው ብሪጅ የሚሻለው፤ የእነሱ ዕቃ ብርሃኑን ወደ ገመድ ይለውጣል፣ ሌላውን ሁሉ የእናንተ ራውተር ይሠራል።

ብሪጅ ከተደረገ በኋላ ሥራው እንዴት ነው?

አንድ ቤት እንውሰድ። አቅራቢው በ4ኛው ቀዳዳ ላይ ብሪጅ አድርጎላችኋል፤ ስም፣ ፓስወርድና የ`VLAN` ቁጥር ሰጥቷችኋል። ከ4ኛው ቀዳዳ የሚወጣውን ገመድ አዲሱ ራውተራችሁ ላይ `WAN` ወይም `Internet` የሚል የተጻፈበት፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ለየት ያለው ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ከዚያ በአዲሱ ራውተር ገጽ ላይ የግንኙነቱን ዓይነት `PPPoE` አድርጉና ስሙን፣ ፓስወርዱንና የ`VLAN` ቁጥሩን አስገቡ። ስሙ ውስጥ ነጥብ ወይም `@` ካለ አንድም ፊደል አትዝለሉ።

ካልተገናኘ የስህተቱ ዓይነት ራሱ መንገድ ይመራችኋል። የራውተሩ መዝገብ ላይ `authentication failed` ካለ ከወዲያኛው በኩል መልስ አለ ማለት ነው፤ መስመሩ ደኅና ነው፣ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተሳስቷል። `PADI` የሚባለው የራውተሩ የመጀመሪያ ጥሪ ደጋግሞ ተልኮ መልስ አልመጣም የሚል ከሆነ ግን የሚሰማው የለም። ያኔ ፓስወርድ መቀያየሩን ተዉት፤ ወይ የ`VLAN` ቁጥሩ ልክ አይደለም፣ ወይ ገመዱ ብሪጅ ያልሆነ ቀዳዳ ላይ ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የድሮው ራውተር የከፈተው ግንኙነት በአቅራቢው በኩል ገና አልተዘጋ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ አያስገቡም።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ግንኙነቱ ይሠራል፣ መልእክት ይገባል፣ አንዳንድ ገጾች ግን ግማሽ ላይ ቆመው ይቀራሉ። እዚህ ላይ `MTU` የሚለውን ቁጥር እዩ። በተለመደው ገመድ አንድ ጥቅል እስከ 1500 ባይት ይይዛል። `PPPoE` ከዚያ 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ቁጥሩ 1492 መሆን አለበት። 1500 ሆኖ ከቀረ ትልልቆቹ ጥቅሎች መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ።

አቅራቢው ብሪጅ አላደርግም ቢልስ?

ያኔም መንገድ አለ። የእነሱን ራውተር እንዳለ ትታችሁ የራሳችሁን ከኋላው ሰኩ፤ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ከራሳችሁ ጋር አገናኙ፤ የእነሱን ዋይፋይ በተጠቃሚ መግቢያችሁ አጥፉት። ለአዲሱ ራውተር የግንኙነቱ ዓይነት ራሱ አድራሻ የሚቀበልበት ይሁን። ዲኤንኤስ፣ የልጆች ሰዓት ገደብ፣ የእንግዳ ዋይፋይ ሁሉ ከእንግዲህ በእናንተ እጅ ነው። የአቅራቢው ሰርቨር የሚያዘው የፊተኛውን ራውተር ነው፤ የኋለኛውን አይነካውም።

እዚህ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው እንከን የአድራሻ መጋጨት ነው። ሁለቱም ራውተሮች `192.168.1.1` ከሆኑ አዲሱ የቱ ውስጥ የቱ ውጭ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ ኢንተርኔትም አይኖርም። የእናንተን ወደ `192.168.50.1` ቀይሩት።

ጉድለቱ፣ ከውጭ ወደ ቤት የሚመጣ ጥሪ አሁን ሁለት በር ማለፍ አለበት። የእናንተን በር ትከፍታላችሁ፤ የፊተኛው ግን ዝግ ነው። ለዚህ አቅራቢውን አንድ ነገር ብቻ ለምኑ፦ የራውተራችሁን አድራሻ እነሱ ራውተር ላይ `DMZ` ውስጥ እንዲያስገቡት። ያኔ ፊተኛው ራውተር የመጣውን ሁሉ ወደ እናንተው ያስተላልፋል። አድራሻው እንዳይለዋወጥም ቋሚ ያድርጉላችሁ።

ፖርቱ አሁንም ካልተከፈተስ?

ከመልፋታችሁ በፊት የራውተራችሁን የ`WAN` አድራሻ እዩ። ብሮውዘር ላይ «የእኔ አይፒ» ብላችሁ ስትፈልጉ ከሚመጣው ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ ጥፋቱን እናንተው ራውተር ላይ ፈልጉ። በ`192.168` ከጀመረ ከፊታችሁ ሌላ ራውተር አለ፤ ብሪጁ አልሠራም፣ ወይም አልተደረገም። ከዊንዶውስ ኮምፒውተርም እንዲህ ማረጋገጥ ይቻላል፦

```
tracert -d 8.8.8.8
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች `192.168.50.1` እና `192.168.1.1` ከሆኑ ሁለት ራውተር እያለፋችሁ ነው።

የ`WAN` አድራሻው ከ`100.64` እስከ `100.127` ባለው ውስጥ ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የአድራሻ ክልል አቅራቢዎች አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ለማካፈል የሚጠቀሙበት ነው። ሦስተኛው በር ያለው ቤታችሁ ውስጥ ሳይሆን እነሱ ጋ ነው። አድሚን ሆናችሁ ብትገቡ፣ ብሪጅ ብታደርጉ፣ `DMZ` ብታስገቡ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ አይደርሳችሁም። ብዙ ሰው የአድሚን ፓስወርድ ፍለጋ ቀናት ካጠፋ በኋላ የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ፣ ይህን ፍተሻ የሁሉም መጀመሪያ ብታደርጉት ይሻላል።

መውጫው አቅራቢውን ለብቻችሁ የሚሆን የሕዝብ አይፒ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ በተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ። ካልሆነ ግንኙነቱ ከቤት ወደ ውጭ እንዲጀምር ማድረግ ይቻላል። ውጭ በኪራይ የተያዘ ትንሽ ሰርቨር ካላችሁ፣ የቤቱ ራውተር በቪፒኤን ወደዚያ ይደውላል፣ እናንተም በዚያ በኩል ትገባላችሁ። የሕዝብ አይፒ ካገኛችሁ ደግሞ ካሜራውን ወይም ኮምፒውተሩን በቀጥታ ለዓለም አትክፈቱ። በራሳችሁ ራውተር ላይ እንደ `WireGuard` ያለ ቪፒኤን አቁሙና አንድ ፖርት ብቻ፣ በተለምዶ `51820`፣ ክፈቱ። ከውጭ መጀመሪያ በቪፒኤኑ ትገናኛላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ እንዳላችሁ ሁሉ ሁሉንም ዕቃ ታገኙታላችሁ።